የአለቃ ደብዳቤ

የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ አይቶ ለማመልከት የሚነሳ ሰው ፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት አይጠፋም። ከላይ የድርጅቱ አርማ፣ ከጎን ቁጥርና ቀን፣ ዝቅ ብሎ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ ከታች ደግሞ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም አለበት። ፍሬ ነገሩ ከአራት መስመር አያልፍም፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ አገልግለዋል፤ ይህ ማስረጃ የተሰጠውም በጠየቁት መሠረት ነው። የሥራ ልምድ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ ወረቀት የአለቃ ችሮታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪውን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጠው ያዛል። «በጠየቀ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባዋል። ማስረጃውን ለማግኘት መጀመሪያ ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም። ሆኖም «ሊለቅ ነው» እንዳይባል እየፈራ የማመልከቻው ቀን እስኪያልፍበት ዝም የሚል ሠራተኛ ጥቂት አይደለም።

አዋጁ የጠየቀው ግን ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሰውየው ምን ሠራ፣ ስንት ጊዜ ሠራ፣ ምን ተከፈለው። እንዴት ሠራ የሚለው እዚያ ውስጥ የለም። ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች፣ አንዱ በየቆጠራው ጉድለት ሲገኝበት የኖረ፣ ሌላዋ አንድም ቀን ያልጎደለባት፣ እኩል አምስት ዓመት ከሠሩ የሚይዙት ወረቀት ከስማቸው በቀር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ልዩነት ሊናገር የሚችለው በየቀኑ ያያቸው የቅርብ አለቃ ነው። የሚጽፈውም ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነው። አንዳንዱ የድጋፍ ደብዳቤ፣ አንዳንዱ የምስክርነት ደብዳቤ፣ የውጭ ድርጅቶች አካባቢ ያለው ደግሞ ሪኮመንዴሽን ይለዋል። ጻፍ ብሎ የሚያስገድደው የሥራ ሕግ የለም። ምናልባትም ለዚህ ነው አጻጻፉን የሚያስተምር ሰው የጠፋው።

ለአለቃ ከሁሉም የሚከብደው ስለ አስተማማኝ ሠራተኛ መጻፍ ነው ቢባል ግር ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አስቸጋሪ ሠራተኛ በየሳምንቱ አንድ ታሪክ ያስመዘግባል። አስተማማኙ ግን በሰዓቱ ይገባል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ይሄዳል። አለቃው ስለ እሱ ሳያስብ ሦስትና አራት ዓመት ሊኖር ይችላል፤ አስተማማኝ መሆንም በከፊል ይኸው ነው። በኋላ ደብዳቤ ሲጠየቅ እስክሪብቶውን ይዞ የሚያስታውሰው ነገር ያጣል። ያኔ እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል፦ «ታማኝ፣ ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር ተግባብተው የሚሠሩ።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። ችግሩ ደብዳቤው ከያዘችው ቦታ ከፍ ወዳለ ቦታ ለምታመለክት ሠራተኛ ሲሆን ይመጣል። ታታሪ ማለት የታዘዘውን በደንብ ይሠራል ማለት ነው። ታማኝ ማለት የተሰጠውን አያጎድልም ማለት ነው። ሁለቱም አንባቢውን የሚያሳምኑት ሰውዬዋ አሁን ባለችበት ቦታ ላይ ጥሩ መሆኗን ነው። አዲሱ ቦታ ግን ትእዛዝ የሚቀበል ሳይሆን የሚወስን ሰው ይፈልግ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እያመሰገነ እዚያው የነበረችበት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ፍራንሲስ ትሪክስና ካሮሊን ሴንካ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመምህርነት ላመለከቱ ሐኪሞች የተጻፉ 312 የድጋፍ ደብዳቤዎችን መርምረው ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ለሴቶች የተጻፉት ደብዳቤዎች በአማካይ አጠር ያሉ ነበሩ። ጥርጣሬ የሚዘራ አረፍተ ነገርም ይበዛባቸው ነበር። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ደግሞ ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ትጉህ፣ ጠንቃቃ፣ የማትታክት የሚሉ የልፋት ቃላት በሴቶቹ ደብዳቤዎች ላይ በብዛት ተገኝተዋል። ስለ ወንዶቹ ሲጻፍ «ምርምሩ» የሚለው ሲበዛ፣ ስለ ሴቶቹ «ማስተማሯ» እና «ሥልጠናዋ» ይበዛ ነበር። ጸሐፊዎቹ አመልካቾቹን ለመጉዳት አልተነሱም፤ ሁሉም የድጋፍ ደብዳቤ ነው የጻፉት። ልፋትን ማመስገን ችሎታን ከመመስከር ጋር አንድ መስሏቸው ነው።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ስሟ አያስፈልግም፤ ምሳሌውም ለማስረዳት የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ መጋዘን በረዳትነት ገብታ ኋላ ዋና ስቶር ኪፐር የሆነች ሴት ናት። አንድ የእርዳታ ድርጅት የሎጂስቲክስ ኦፊሰር ፈልጎ ያወጣው ማስታወቂያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የመድኃኒት ክምችት ማቀድ፣ ሦስት ሠራተኞችን መምራትና በየወሩ ለለጋሾች ሪፖርት ማዘጋጀት። አለቃዋ በመጀመሪያ የጻፈላት ከላይ ያየነውን ዓይነት ነው። ታማኝ፣ ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ። እንዲያውም «ንብረት አጉድለው አያውቁም» የሚል ጨምሮበታል። ይህ ዋጋ አለው፤ በመጋዘን ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም የሚል ይኖራል። ማስታወቂያው ግን ዘብ ፈልጎ አልወጣም።

ሠራተኛዋ ማስታወቂያውን አትማ ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ብዙ አመልካቾች የሚዘነጉት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ አለቃው የምታመለክትበትን ቦታ ካላየ የሚጽፈው የቆየችበትን ቦታ ነው። ከዚያም አብረው ቁጭ ብለው አስታወሱ። ሁለተኛው ደብዳቤ በከፊል እንዲህ ይላል፦

«ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የቅርብ ኃላፊያቸው ሆኜ በየቀኑ አብረን ሠርተናል። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ከአቅራቢ የመጣ የሽሮፕ ጭነት ሲራገፍ በካርቶኑ ላይ ያለውን ባች ቁጥር ከሰነዱ ጋር ሲያመሳክሩ አልገጠመላቸውም። የመጣው መድኃኒት የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ አራት ወር ብቻ የቀረው ነበር። እኔ በወቅቱ መሥሪያ ቤት አልነበርኩም። የገቢ ሰነዱን ሳይፈርሙ ጭነቱን ለብቻው አስቀምጠው ለግዢ ክፍል በጽሑፍ አሳወቁ፤ አቅራቢውም በሌላ ባች ተካው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዛቸው በስድስት ወር ውስጥ ጊዜያቸው የሚያልፍ መድኃኒቶችን ዝርዝር ሰኞ ሰኞ እያወጡ ለሽያጭ ክፍል ይሰጣሉ። ዛሬ ይህ የመጋዘናችን ቋሚ አሠራር ሆኗል።

«ሠራተኞችን በቋሚነት ሲመሩ አላየሁም፤ መደቡ ስላልነበረን ነው። እኔ በ2015 ዓ.ም. የዓመት ፈቃድ በወጣሁበት ወር ግን ሦስቱን የመጋዘን ሠራተኞች ተክተውኝ መርተዋል። ስመለስ በናሙና ባደረግሁት ቆጠራ የቢን ካርዱና የመደርደሪያው ቁጥር ተመሳስሎ አግኝቼዋለሁ።»

በዚህ ውስጥ ታማኝ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያልፈረመችው ሰነድ ግን አለ። ሹፌር በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ» እያለ፣ አለቃ በሌለበት፣ «ይህን አልቀበልም» ማለት ምን እንደሆነ በመጋዘን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ታማኝነቷን አንባቢው ራሱ ከዚያ ያወጣዋል፤ ከታማኝነቱ በላይ ደግሞ ውሳኔዋን ያያል። የሰኞው ዝርዝር ማስታወቂያው ለጠየቀው የክምችት ዕቅድ ቀጥተኛ መልስ ነው። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ የሚለው የመድኃኒት መጋዘን ደንብ በወረቀት ላይ ለሁሉም የታወቀ ነው፤ የሚለያየው በየሳምንቱ ተነስቶ ዝርዝሩን ማውጣት ላይ ነው።

ከሁሉም ግን ደብዳቤውን የሚያቆመው «አላየሁም» የምትለዋ ናት። ብዙ አለቃ እዚህ ላይ «ከፍተኛ የአመራር ብቃት ያላቸው» ብሎ ያልፍ ነበር። አንባቢው ደግሞ ወዲያው ይጠይቃል፦ ስቶር ኪፐር ማንን መራች? ያንን አንድ አረፍተ ነገር ከተጠራጠረ የሽሮፑንም ታሪክ ይጠራጠራል። ያላየውን አላየሁም ያለ ምስክር ያየሁት ያለው ይታመንለታል። ስለ ለጋሾች ሪፖርት ደብዳቤው ምንም አላለም፤ አለቃው የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ነው። የሪፖርት ችሎታዋን በፈተናና በቃለ መጠይቅ ማሳየት የራሷ ድርሻ ነው።

ቁጥር የሚያስገባ አለቃም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ብክነትን በ40 በመቶ ቀነሱ» ማለት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የሚያሳየው ሰነድ ከሌለው ባይጽፈው ይሻላል። ከቆጠራ ሪፖርት ወይም ከቢን ካርድ ላይ የሚገኝ ትንሽ ቁጥር ከግምት ትልቅ ቁጥር ይበልጣል። ደመወዝን ደግሞ ጨርሶ መተው ነው። እሱ በሥራ ልምዱ ላይ በሕግ የሚሰፍር ነው፤ የአለቃ ደብዳቤ ላይ ሲደገም ግን አዲሱ ቀጣሪ ደመወዝ ሲደራደር ከዚያ ቁጥር እንዲነሳ ይጋብዘዋል። የቤተሰብ ሁኔታና የጤና ነገርም ቦታው አይደለም። «ልጆች ቢኖሯቸውም ቀርተው አያውቁም» የምትል አረፍተ ነገር በቅን ልብ ትጻፋለች፤ ውጤቷ ግን አንባቢው ስለ ልጆቿ እንዲያስብ ማድረግ ነው።

በአገራችን አለቆችን ከመጻፍ የሚያግድ ሌላ ነገር አለ፤ ዋስትና። ገንዘብ ያዥና ስቶር ኪፐር ሲቀጠር ዋስ መጥራት የተለመደ ስለሆነ «ነገ ብታጎድል እኔን ይይዙኛል» ብሎ የሚፈራ አለ። ፍርሃቱ ከልምድ የመጣ ነው እንጂ ሕጉ እንደዚያ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተባለ በግምት እንደማይወሰድ ይደነግጋል፤ ዋሱ የገባበት የገንዘብ መጠን ጣሪያም ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። «አብረን በሠራንበት ጊዜ ይህን አይቻለሁ» የሚል ደብዳቤ ስለ ትላንት ይናገራል። አለቃው «ለወደፊቱም ለሚፈጠረው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብሎ ካልጨመረ በቀር ምስክር እንጂ ዋስ አልሆነም። እንዲህ ያለውን የሚጨምር አለ፤ ደብዳቤውን ያጠነከረ መስሎት።

ማኅተም የሚባለውም ራስ ምታት ነው። በብዙ ድርጅቶች የቅርብ አለቃ በድርጅቱ ስም ወረቀት የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አድርጎ የሚያወጣው የሰው ሀብት ክፍል ነው። ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ደግሞ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። ከዚህ የሚያስወጣው መንገድ ሁለቱን መለየት ነው። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ከሰው ሀብት ይወጣል፤ አለቃው ደግሞ በራሱ ስም፣ የሥራ መደቡንና የቢሮ ስልኩን ጠቅሶ ይጽፍና አብሮ ይያያዛል። ከግል ድርጅት የሚወጣ ሥራ ልምድ ሲሆን ብዙ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማስረጃ ስለሚጠይቁ እሱም አብሮ ቢወጣ ምልልስ ያሳጥራል።

ምስጋና ብቻ የሚጻፍበት ቦታ ቃላቱ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ጀርመንን የሚያክል ምሳሌ የለም። እዚያ ሠራተኛ ሲለቅ ስለ ሥራው ጥራትና ስለ ጠባዩ ጭምር የሚገልጽ ማስረጃ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ፍርድ ቤቶች ደግሞ ጽሑፉ እውነት እንዲሆን፣ በዚያው ልክም የሰውየውን መንገድ የማይዘጋ በጎ ቃና እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ክፉ መጻፍ ሲያስቸግር ምስጋናው ራሱ ደረጃ ወጣለት። «ሁልጊዜም ፍጹም በተሟላ ሁኔታ አርክቶናል» አንደኛ ደረጃ ነው፤ «ሁልጊዜም» የሚለው ሲወጣ ነጥቡ ይወርዳል፤ «አርክቶናል» ብቻ ሲቀር ለጥቂት ያለፈ ማለት ነው። «ጥረት አድርጓል» የተባለ ሰው ወደቀ። ሕጉ በውጭ ከሚነበበው ሌላ መልእክት የሚያስተላልፍ አጻጻፍን ይከለክላል፤ ሆኖም መለኪያው ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ እንደ ቀጠለ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ የሥራ ፍርድ ቤት የዚህን መለኪያ መካከለኛ ደረጃ እንደ መነሻ ወስዶ፣ ከዚያ የተሻለ ይገባኛል የሚል ሠራተኛ ራሱ ማስረዳት አለበት ሲል ወስኗል። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን ማስረጃ ሲቀበሉ «አመስግነውኛል» ብለው ከመፈረማቸው በፊት ለሚያውቅ ሰው ማስነበብ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

እዚህ ደግሞ የተለመደው በሽታ ሌላ ነው፦ «አንቺ ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ።» ሥራ የበዛበት አለቃ ይለዋል፤ ክፋት የለበትም። ሠራተኛዋም ራሷን ማወደስ እያፈረች ወይም እየተጋነነች ትጽፋለች። ቀጣሪ ቤት ይህን የሚያውቅበት መንገድ ቀላል ነው። የድጋፍ ደብዳቤው ከማመልከቻው ጋር አንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ይጋራል፤ ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች የመጡ ሁለት አለቆች በአንድ አንደበት ይናገራሉ፤ ደብዳቤው አለቃው ሊያያቸው የማይችላቸውን ነገሮች ያውቃል። የሚሻለው ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ሳይሆን ማስታወሻውን እንድትሰጠው ነው። የሽሮፑ ጭነት መቼ እንደነበር፣ ለግዢ ክፍል የጻፈችው ወረቀት ቅጂ፣ ፈቃድ የወጣበት ወር። ከዚያ አረፍተ ነገሩን እሱ ይሥራ። ለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ መስጠት ይበቃል፤ ማስታወቂያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የተጠየቀ አለቃ «ታማኝ፣ ታታሪ» ላይ ቢያርፍ አይፈረድበትም።

አለቃው የራሱም ጥቅም እንዳለው መርሳት የዋህነት ነው። ጥሩ ሠራተኛ ሲሄድ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ጥሩውን ሠራተኛ በቀዝቃዛ ደብዳቤና በ«ነገ ና» ማዘግየት፣ የማይፈልገውን ደግሞ በጋለ ምስጋና መሸኘት ያጋጥማል። ብዙ ደብዳቤ ያነበቡ የቅጥር ኃላፊዎች ከልክ ያለፈ ምስጋና ሲያዩ የሚጠረጥሩት ይህንኑ ነው። ሠራተኛው ነገሩን ካየው ደብዳቤውን ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ የቀድሞ አለቃው ቢጠይቅ ይሻለዋል። እሱ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ይጽፍለታል፤ መቼ አለቃው እንደነበር ብቻ በግልጽ ይጥቀስ።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ ስልክ ይመጣል። ስልኩ የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን የሌለውን ነው፦ ስህተት ስትሠራ ምን ታደርጋለች? ለምን ትለቃለች? በመጨረሻም «ዕድሉ ቢኖር መልሰው ይቀጥሯት ነበር?» የሚለው። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ለአፍታ ዝም ያለ አለቃ መልሱን ሰጥቷል። ስለዚህ የፈረመ ሰው ቅጂውን በፋይል ያስቀምጥ፣ ለሠራተኛዋም ማን ሊደውል እንደሚችል ይጠይቃት። በደብዳቤው ላይ ጥር ያለው ወር በስልክ ሐምሌ ከሆነበት፣ ውሸት ባይኖርበትም፣ ቀጣሪው ወደሚቀጥለው አመልካች ይሄዳል። ከግል ሞባይሉ ይልቅ የቢሮው ስልክ ይጻፍ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ደዋዩ በቢሮው መስመር ሲያገኘው የሚያናግረው በእርግጥም የዚያ ድርጅት ሰው መሆኑን ያረጋግጣል፣ አለቃውም ፋይሉን ገልጦ ይመልሳል።